ለእርጥበታም ቤዝመንት የትኛው ይሻላል? ኤሲ ወይስ የእርጥበት መምጠጫ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በቤዝመንት የሚኖር ሰው የሰኔን መግቢያ ከቀን መቁጠሪያ ቀድሞ በአፍንጫው ያውቀዋል። ከውጭ ገብቶ በሩን ሲከፍት ቤቱ እምክ እምክ ይላል። ቁም ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ የከረመው ነጠላ ቢጫ ነጥብ ያወጣል፤ አልጋ ሥር የተቀመጠ የቆዳ ጫማ ነጭ አቧራ የመሰለ ሻጋታ ይለብሳል፤ ማታ የተጋገረ እንጀራ ከማቀዝቀዣ ውጭ ካደረ በሁለተኛው ቀን ይነቁጣል። ይህን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ኤሲ ልግዛ ወይስ እርጥበት የሚመጠውን ዕቃ?» በመኖሪያ ሕንፃዎች ጥገና ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ራሴ ቤዝመንት ውስጥ ስለኖርኩ፣ ጥያቄውን ከሁለት ወገን አውቀዋለሁ።

መልሴን ላስቀድም። ክፍሉ ሞቃትም እርጥብም ከሆነ ኤሲ ይግዙ። ክፍሉ ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ ግን የእርጥበት መምጠጫ ይግዙ። አብዛኛው ቤዝመንት በሁለተኛው ወገን ነው። ስህተቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፤ እርጥብ ክፍል ሰውነትን ስለሚያጣብቅና ትንፋሽ የሚያሳጥር ስለሚመስል ሰው ሙቀት ነው ብሎ ያስባል። ቴርሞሜትር ሲያይ ግን 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ያገኛል፤ ይህ ሙቀት አይደለም።

እኔም በመጀመሪያው ዓመት የተሳሳትኩት በዚሁ ነው። የተከራየሁት ክፍል ሰላሳ ካሬ ሜትር ያህል ስፋት፣ ሁለት ሜትር ከሃያ የጣሪያ ከፍታ ነበረው፤ ግድግዳው ከግማሽ በላይ ከመሬት በታች ነው። ነሐሴ ላይ ሙቀቱ 22.5 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 68 በመቶ ያሳይ ነበር። አንድ የመስኮት ኤሲ ገዝቼ በጠባቧ መስኮት ገጠምኩና 20 ዲግሪ ላይ አዘዝኩት። ኤሲው አሥር ደቂቃ እንኳን ሳይሠራ የታዘዘው ቅዝቃዜ ላይ ይደርስና ይጠፋል፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ለጥቂት ደቂቃ ይነሣል። ከሳምንት በኋላ መለኪያውን ሳየው ሙቀቱ 20 ዲግሪ ወርዷል፤ እርጥበቱ ግን 75 በመቶ ወጥቷል። በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ የምተኛበት፣ ግድግዳው በእጅ ሲነካ የሚቀዘቅዝ፣ ሽታው ከበፊቱ የባሰ ክፍል ሆነ። የሱቁ ሻጭ «ኤሲ እርጥበትም ይቀንሳል» ብሎኝ ነበር። አልዋሸኝም፤ ነገር ግን መቼ እንደሚቀንስ አልነገረኝም።

ምክንያቱን ለመረዳት የሁለቱን ዕቃዎች ሆድ ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱም ውስጣቸው አንድ ዓይነት ነው፦ ኮምፕረሰር፣ አንድ ቀዝቃዛ ጥቅል ቱቦ፣ አንድ ሙቅ ጥቅል ቱቦ፣ አየር የሚያንቀሳቅስ ማራገቢያ። የክፍሉ አየር በቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ሲያልፍ፣ ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ ላይ እንደሚታየው፣ ውስጡ ያለው ተን ወደ ውኃ ተለውጦ ይንጠባጠባል። ልዩነቱ ሙቁ ቱቦ የት እንደሚቀመጥ ነው። ኤሲ ሙቁን ቱቦ ከቤት ውጭ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ክፍሉ ይቀዘቅዛል። የእርጥበት መምጠጫ ግን ሁለቱንም ቱቦዎች በአንድ ሳጥን ውስጥ ይዟል፤ አየሩን አቀዝቅዞ ውኃውን ካወጣ በኋላ መልሶ አሙቆ ወደ ክፍሉ ይለቀዋል። ቤቱን አያቀዝቅዝም፤ እንዲያውም ያሞቀዋል።

እንግዲህ ኤሲ ውኃ የሚያወጣው ኮምፕረሰሩ በሚሠራበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ኮምፕረሰሩን የሚያዘው ደግሞ ሙቀት እንጂ እርጥበት አይደለም። ፎቅ ላይ ያለ፣ ፀሐይ የሚመታው ክፍል ኤሲውን ለሰዓታት ያሠራዋል፤ ስለዚህ ውኃውም ይወጣል። ቤዝመንት ግን በመሬት የተከበበ ነው። መሬቱ ራሱ ያቀዘቅዘዋል፤ ኤሲው ሥራ ያጣል። ሥራ ያጣ ኤሲ ውኃ አያወጣም። የታዘዘው ቅዝቃዜ ላይ ደርሶ ኮምፕረሰሩ ሲጠፋ ማራገቢያው መሽከርከሩን ከቀጠለ ደግሞ በቱቦው ላይ የቀረው ጠብታ ደርቆ ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

ይህን በቁጥር ማየት ከፈለጉ ከእኔ ክፍል የተሻለ ምሳሌ የለኝም። አየር በሞቀ ቁጥር ብዙ ውኃ ይሸከማል። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ፣ በ30 ዲግሪ እስከ 30 ግራም ገደማ የውኃ ተን ይይዛል። «አንጻራዊ እርጥበት» የሚባለው አየሩ መያዝ ከሚችለው ውስጥ ስንት መቶኛውን እንደያዘ ነው። ኤሲ ከመግዛቴ በፊት ክፍሌ ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ 13.6 ግራም ያህል ውኃ ነበር። ከገዛሁ በኋላ 13 ግራም ሆነ። ውኃው ማለት ይቻላል እዚያው ነው፤ የቀነሰው አየሩ ውኃ የመያዝ አቅም ነው። መቶኛው የወጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለሻጋታ ወሳኙ ደግሞ በክፍሉ መካከል ያለው አየር ሳይሆን ግድግዳውን የነካው አየር ነው። ግድግዳው ከክፍሉ ይቀዘቅዛል፤ እሱን የነካው አየር ይበልጥ ይረጥባል። በግድግዳው ገጽ ላይ ያለው አንጻራዊ እርጥበት ለቀናት ከ80 በመቶ በላይ ከቆየ ሻጋታ ይበቅላል፤ ለዚህ ውኃ ሲንጠባጠብ መታየቱ ግድ አይደለም። የእኔ ግድግዳ በ19 ዲግሪ ጊዜ 83 በመቶ ገደማ ላይ ነበር። ኤሲው ሲያቀዘቅዘው ወደ 84 በመቶ ተጠጋ። በገዛ ገንዘቤ ሻጋታውን ተመችቶት እንዲኖር አደረግሁለት ማለት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት የእርጥበት መምጠጫ አስገባሁና 50 በመቶ ላይ አዘዝኩት። ከአንድ ሳምንት ተኩል በኋላ ክፍሉ 24 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 50 በመቶ ሆነ። በሜትር ኩብ የቀረው ውኃ 11 ግራም አይሞላም። ግድግዳው ላይ ሲሰላ 67 በመቶ ያህል ነው፤ ሻጋታ የማይበቅልበት መጠን ነው። ክፍሉ በአንድ ዲግሪ ተኩል ሞቆ ሳለ ለሰውነት ግን ከበፊቱ ቀለለ፤ ላብ መድረቅ ቻለ፣ አንሶላው ሲነኩት ደረቅ ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማጠራቀሚያው በቀን ሁለት ጊዜ እየሞላ «ይህ ሁሉ ውኃ ከየት መጣ? ቧንቧ ፈንድቶ ይሆን?» ያሰኛል። ሒሳቡን ይመልከቱ፦ የእኔ ክፍል 66 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል፤ በውስጡ ያለው ተን በሙሉ ቢሰበሰብ 900 ግራም፣ ከአንድ ሊትር በታች ነው። ማሽኑ ግን በመጀመሪያው ቀን ከአሥር ሊትር በላይ አወጣ። ያ ውኃ የአየሩ ብቻ አይደለም። ለወራት በምንጣፉ፣ በፍራሹ፣ በጂፕሰም ግድግዳው፣ በልብሱና በካርቶኑ ውስጥ የተጠጣው ነው። አየሩ ሲደርቅ እነሱ ውኃቸውን ይመልሳሉ። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን እርጥበቱ አልወረደም ብለው ዕቃውን ለሱቅ አይመልሱ። ሁለት ሳምንት ይስጡት። ከሁለት ሳምንት በኋላም በየቀኑ ያንኑ ያህል ውኃ የሚያወጣ ከሆነ ግን ውኃ ከመሬት ወይም ከቧንቧ እየገባ ነው።

ስለ መስኮት ልናገር፤ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ እዚህ ይጎዳናልና። ቤት ሲታመቅ መስኮት መክፈት ተፈጥሯችን ነው። ነሐሴ ላይ ስልክዎ የውጭውን አየር 30 ዲግሪ፣ እርጥበት 60 በመቶ ይለዋል። ውስጥ 68 በመቶ ነው። «ውጭው ይሻላል» ብለው ይከፍታሉ። ነገር ግን የውጭው 60 በመቶ በሜትር ኩብ 18 ግራም ውኃ ነው፤ የውስጡ 68 በመቶ 13.6 ግራም ነበር። መስኮቱን ሲከፍቱ ውኃ እያስገቡ ነው። ይህ የውጭ አየር 21 ዲግሪ ከደረሰ ጤዛ መጣል ይጀምራል፤ የቤዝመንት ግድግዳ ደግሞ 19 ዲግሪ ነው። ግድግዳው ያልበዋል።

ስለዚህ በስልክዎ የአየር ሁኔታ ገጽ ላይ መቶኛውን ትተው የጤዛ ነጥብ የሚለውን ቁጥር ይዩ። ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በፋራናይት ከ55 በታች ከሆነ መስኮት መክፈት ያደርቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ያረጥባል። በዋሽንግተን አካባቢ ከሰኔ እስከ መስከረም አብዛኛው ቀን ከዚያ በላይ ነው፤ በብርድ ወራት ደግሞ አብዛኛው ቀን ከዚያ በታች ነው። በጥር ወር ቤዝመንትዎ ቢረጥብ አሥር ደቂቃ መስኮት መክፈት ከማንኛውም ማሽን ይበልጣል።

«የታፈነ» የሚለውን ግን ከ«እርጥብ» መለየት አለብን፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚባክነው በዚህ ነው። ሁለት ሰው በተዘጋ ትንሽ መኝታ ክፍል ውስጥ ሲያድር የሚያስወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድና የሰውነታቸው ሽታ ይጠራቀማል። ጠዋት ራስ የሚከብደው፣ ክፍሉ የተኛበት ሰው ሽታ የሚሸተው ከዚህ የተነሣ ነው። የእርጥበት መምጠጫ ንጹሕ አየር አያስገባም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲም አያስገባም፤ ያንኑ የክፍሉን አየር እያዞረ ያቀዘቅዘዋል። አንዳንድ የመስኮት ኤሲዎች ጎናቸው ላይ ትንሽ የአየር መክፈቻ አላቸው፤ የሚያስገባው ግን ጥቂት ነው። ሁለቱንም ዕቃዎች ገዝተው አሁንም ቢታፈኑ ማሽኖቹ ተበላሽተው አይደለም። የመኝታ ቤቱን በር ከፍተው ይደሩ፤ የመታጠቢያ ቤቱን የአየር ማውጫ ማራገቢያ ገላ ሲታጠቡና ከታጠቡ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያሠሩት፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጥዱ የኩሽናውን ማራገቢያ ይክፈቱ፤ ወደ ውጭ የሚያወጣ እንጂ ተኑን መልሶ ክፍሉ ውስጥ የሚተፋ አለመሆኑንም ያረጋግጡ። የእንጀራ ተን ቀላል አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቤዝመንቱ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ ወይም የቤት ማሞቂያ ካለ፣ መታፈኑም ከራስ ምታትና ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ፣ ስለ እርጥበት ማሰብዎን ይተዉና ወደ ውጭ ይውጡ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊሆን ይችላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ የሌለበት ቤዝመንት ውስጥ አይተኙ።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት አሥር ዶላር ገደማ የሚያወጣ የእርጥበት መለኪያ ይግዙ። ርካሽ መለኪያ ሊሳሳት ስለሚችል በጨው ይፈትኑት፦ በትንሽ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርገው እንደ ጭቃ እስኪሆን ጥቂት ውኃ ያንጠባጥቡበት፤ ከመለኪያው ጋር በሚታሸግ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገው በክፍል ሙቀት ለአንድ ሌሊት ይተዉት። ጠዋት 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 70 ካሳየ ከዚያ በኋላ በሚያነቡት ላይ ሁሉ አምስት ይጨምሩ። ከዚያ ለሁለት ቀናት ጠዋትና ማታ ሙቀቱንና እርጥበቱን ይጻፉ። ሙቀቱ ከ26 ዲግሪ በላይ ከሆነ ኤሲ ያስፈልግዎታል፤ ከ24 በታች ሆኖ እርጥበቱ ከ60 በመቶ በላይ ከሆነ የእርጥበት መምጠጫ። በመካከሉ ያለው በኪስዎና በእንቅልፍዎ ይወሰናል።

ሌላም ፈተና አለ፤ ምንም አያስወጣም። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ወፍራም ፕላስቲክ በእርጥቡ ግድግዳ ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገው ይለጥፉና ሁለት ቀን ይጠብቁ። ውኃው በፕላስቲኩ ላይ፣ ከክፍሉ በኩል ከታየ፣ የአየሩ ተን በቅዝቃዜ ወደ ውኃ ተለውጧል፤ ማሽን ይረዳዎታል። ከግድግዳው በኩል፣ ከፕላስቲኩ ሥር ከታየ፣ ውኃው ከመሬት በግድግዳው ሰርጎ እየመጣ ነው። እንደዚያ ከሆነ ማንኛውም ማሽን ለዘላለም እየሠራ አይጨርሰውም። የቤቱ ባለቤት የጣሪያውን አሸንዳ ማጽዳት፣ የውኃ መውረጃውን ቱቦ ከመሠረቱ ማራቅ፣ በቤቱ ዙሪያ ያለውን አፈር ውኃ ወደ ውጭ እንዲያፈስ አድርጎ ማስተካከል አለበት። በሥራዬ ካየኋቸው እርጥብ ቤዝመንቶች ውስጥ ስንቱ በአንድ የተደፈነ አሸንዳ ምክንያት እንደሻገተ ስናገር ተከራዮች አያምኑኝም። የፕላስቲኩን ፎቶ አንሥተው ለአከራይዎ ይላኩ፤ ከ«ቤቱ ይሸታል» የበለጠ ያስረዳል።

የእርጥበት መምጠጫ የመረጠ ሰው ቀጥሎ የሚገጥመው ጥያቄ መጠኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ በቀን በሚያወጣው ፓይንት ይለካል፤ ሁለት ፓይንት አንድ ሊትር አይሞላም። በ2019 የመለኪያው ደንብ ተለውጧል። ከዚያ በፊት ማሽኖቹ የሚፈተኑት በ27 ዲግሪ ገደማ ክፍል ውስጥ ነበር፤ አሁን በ18 ዲግሪ ነው፤ ይህ ለቤዝመንት የሚቀርብ ነው። በቀዝቃዛ ክፍል ማንኛውም ማሽን ትንሽ ውኃ ስለሚያወጣ፣ በፊት 70 ፓይንት ተብሎ የተሸጠው ዕቃ ዛሬ 50 ፓይንት ይባላል። ጎረቤትዎ «የእኔ 70 ነው» ቢልዎ የድሮ ዕቃ ሊሆን ይችላል። አውሮፓ ያለ አንባቢ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት፤ እዚያ «20 ሊትር» የሚባለው ብዙ ጊዜ በ30 ዲግሪና በ80 በመቶ እርጥበት የተለካ ነው። በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ግማሹን ካወጣ ጥሩ ሠራ ይባላል።

የእኔን ክፍል እንደ ምሳሌ ላስላው። በበርና በመስኮት ስንጥቅ በየሰዓቱ ሃያ ሜትር ኩብ ያህል የውጭ አየር ቢገባ፣ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ከምፈልገው በላይ ሰባት ግራም ውኃ ይዞ ስለሚመጣ በቀን ሦስት ሊትር ተኩል ይሆናል። ሁለት ሰው ሲተነፍስ፣ ሲታጠብና ሲያበስል ሦስት ሊትር ይጨምራል። በአጠቃላይ ሰባት ሊትር እንበል። 22 ፓይንት ዕቃ በቀን አሥር ሊትር ያወጣል፤ ይበቃል፤ ነገር ግን ከቀኑ አብዛኛውን ሲጮኽ ይውላል። 50 ፓይንት ዕቃ በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ስለሚያወጣ ሰባት ሰዓት ሠርቶ ያርፋል። እኔ ትልቁን እመርጣለሁ። ለኤሲ «ትልቅ ይሻላል» የሚለው ምክር ይጎዳል፤ ለእርጥበት መምጠጫ ግን እውነት ነው፤ የሚያዘው እርጥበቱ ራሱ ስለሆነ ቶሎ ጨርሶ ቢጠፋ ምንም አይጎድልብዎትም። ልብስ ቤት ውስጥ የሚያሰጡ ከሆነ በእያንዳንዱ እጥበት ሁለት ሊትር ያህል ይጨምሩ። መስኮት ከፍተው ማሽኑን የሚያሠሩ ከሆነ ግን ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል፤ በተከፈተ መስኮት በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ሊገባ ይችላል፤ ማሽኑ ከሚያወጣው ይበልጣል።

ወጪውም በዚሁ ይወጣል። አዲስ ማሽን በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ያህል ውኃ ያወጣል። በቀን ሰባት ሊትር ማለት አራት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ኪሎዋት ሰዓቱ 17 ሳንቲም ቢሆን በወር ሃያ ዶላር ይሆናል። ሲሠራ የሚለቀው ሙቀት ደግሞ ከአንድ ኪሎዋት ይበልጣል፤ እንደ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያስቡት። በጠባብ መኝታ ቤት ውስጥ በር ዘግተው አጠገቡ መተኛት የማይቻለው በዚህ ነው። ሳሎን ወይም መተላለፊያ ላይ ያስቀምጡት፤ የመኝታ ቤቱን በር ክፍት ያድርጉ፤ እርጥበቱ ራሱ ተጉዞ ይመጣል።

ማጠራቀሚያውን እየደፉ መኖር ግን አይዘልቅም። ሲሞላ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል፤ ሰው ሥራ ውሎ ሲገባ ማሽኑ ከረፋድ ጀምሮ ቆሞ ያገኘዋል፤ «ይህ ዕቃ አይሠራም» የሚሉኝ ደንበኞች ግማሾቹ ችግራቸው ይህ ነው። ከኋላው የአትክልት ውኃ ማጠጫ ጎማ የሚገጠምበት ቀዳዳ አለው። ጎማውን ወደ ወለሉ የፍሳሽ ቀዳዳ ይምሩት፤ መንገዱን ሁሉ ወደ ታች ማዘንበል አለበት፤ በመካከል ወደ ላይ ከታጠፈ ውኃው ይመለሳል። ማጣሪያውን በሁለት ሳምንት አንዴ ያጥቡት። ያገለገለ ዕቃ የሚገዙ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ በ2013 በአሜሪካ በልዩ ልዩ የንግድ ስም የተሸጡ ከሁለት ሚሊዮን በላይ የእርጥበት መምጠጫዎች እሳት ስለሚያስነሡ ከገበያ እንዲመለሱ ተደርጓል። የሞዴሉን ቁጥር በተጠቃሚዎች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ገጽ ላይ ሳያረጋግጡ ከመንገድ ዳር የተጣለ አያንሡ። በማከፋፈያ ገመድም አይሰኩት፤ በቀጥታ ከግድግዳ ይሁን።

ኤሲ የሚያሸንፍበትን ቦታም ላንሣ። ከጣሪያ ሥር ያለ ክፍል፣ ፀሐይ የሚውልበት ሰገነት፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ያለ መኖሪያ፣ በእነዚህ የእርጥበት መምጠጫ ብቻውን መግዛት ስህተት ነው፤ በ32 ዲግሪ ክፍል ላይ ሌላ ማሞቂያ መጨመር ይሆናል። እዚያ ኤሲው ብዙ ሰዓት ስለሚሠራ እግረ መንገዱን ብዙ ሊትር ያወጣል። መጠኑን ግን ከክፍሉ አያሳልፉ፤ በጣም ትልቅ ኤሲ በአምስት ደቂቃ አቀዝቅዞ ይጠፋና እንደ ቤዝመንቱ ኤሲ ቀዝቃዛና እርጥብ ክፍል ይተውልዎታል። ማራገቢያውን ሁልጊዜ እንዲዞር ከማድረግ ከኮምፕረሰሩ ጋር አብሮ እንዲነሣና እንዲቆም ያድርጉት። በማዘዣው ላይ ያለው ድራይ የሚለው አሠራር ማራገቢያውን አዘግይቶ የበለጠ ውኃ ያወጣል፤ በሞቃት ክፍል ይጠቅማል፤ በቀዝቃዛ ቤዝመንት ግን ክፍሉን ማቀዝቀዙን ስለማይተው ያው ነው።

ሁለቱንም የሚፈልግ ቤዝመንትም አለ፦ ትልልቅ መስኮቶች ያሉት፣ አንድ ወገኑ ከመሬት በላይ የሆነ፣ ከነሐሴ ሙቀት ጋር 27 ዲግሪ የሚደርስ። አንዱን ብቻ መግዛት ከቻሉ በመጀመሪያ የእርጥበት መምጠጫውን ይግዙና አንድ የሙቀት ወቅት ይሞክሩት። ደረቅ 26 ዲግሪ ከማራገቢያ ጋር ብዙ ሰው ያስተኛል።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች «እኛስ በክረምት?» ይሉኛል። የአዲስ አበባ ክረምት ቀኑ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ ነው፤ ስለዚህ ኤሲ ከጨዋታው ውጭ ነው። ኮምፕረሰር ያለው የእርጥበት መምጠጫም ከ15 ዲግሪ በታች ቱቦው በረዶ እየሠራ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ሲያቀልጥ ያሳልፋል። በቀዝቃዛ ክፍል የሚሠራው ሌላ ዓይነት አለ፤ እርጥበትን በሚመጥ ማዕድን ይዞ በሙቀት የሚያደርቅ ነው፤ መብራት ግን የበለጠ ይበላል። ምድር ቤት ክፍል ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከድንጋይ መሠረቱ ወደ ግድግዳው የሚወጣው ውኃ ነው፤ የፕላስቲኩን ፈተና እዚያም ይሥሩት። የዋሽንግተኑ የመስኮት ምክርም እዚያ ይገለበጣል፤ የውጭው አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ የሚይዘው ውኃ ጥቂት ነው፤ ዝናቡ ባባራበትና ፀሐይ በወጣችበት ሰዓት መስኮትና በር ፊት ለፊት ከፍቶ ማናፈስ፣ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ማራቅ ይጠቅማል።

ከዚህ ማሽን ገዝተው ለእናትዎ በሻንጣ ሊወስዱ ካሰቡ ደግሞ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። አሜሪካ የሚሸጠው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል፤ አገር ቤት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ቢሰኩት ይቃጠላል፤ ትልቅ ትራንስፎርመር ቢገዙለት እንኳን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን ስለማይለውጥ ኮምፕረሰሩ በተሠራለት ፍጥነት አይዞርም።